ካርድ ከሌለ ስፌት የለም፦ ፑሽ፣ ፑል፣ ጀስት ኢን ታይምና ካንባን ለፈተና ክለሳ

የኦፕሬሽን ማኔጅመንት ፈተና ሳርም በየዓመቱ የማገኘው መልስ አለ። «ፑሽ በትንበያ ያመርታል፣ ፑል በትእዛዝ ያመርታል» ይላል። ለዚህ መልስ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ትንበያና ትእዛዝ ነገሩን ለመጀመር ይረዳሉ እንጂ ልዩነቱን አይለዩትም። ጥያቄው ትንሽ ጠመም ብሎ ሲመጣ ይህን ዓረፍተ ነገር የሸመደደ ተማሪ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ክለሳውን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውጪ እንጀምረው።

ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ የሐበሻ ልብስ ሰፊ አለ እንበል። ለፋሲካ 10 የሥራ ቀን ቀርቶታል፤ በእጁ 90 ትእዛዝ አለ፤ በቀን 4 ልብስ ሰፍቶ ይጨርሳል። 90ን ለ4 ስናካፍል 22 ቀን ተኩል ይመጣል። ዛሬ ቀብድ ከፍሎ የሄደው ደንበኛ ልብሱን የሚያገኘው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ቤት በትንበያ የተሰፋ አንድም ልብስ የለም፤ ሁሉም ስም የተጻፈበት ትእዛዝ ነው። ሆኖም ሥርዓቱ ፑሽ ነው። አዲስ ሥራ ሲገባ፣ አሮጌው ወጥቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነገር ስለሌለ ነው።

ያው ልብስ ሰፊ ግድግዳው ላይ 12 መስቀያ ቢያደርግና «ባዶ መስቀያ ከሌለ አዲስ ልብስ አልጀምርም፣ ቀጠሮም አልሰጥም» ቢል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሥራ ከ12 አያልፍም። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ቀን ነው። ዛሬ የገባ ልብስ በሦስተኛው ቀን ይወጣል። የሰፊው ፍጥነት አልተቀየረም፤ አሁንም በቀን 4 ነው። የተቀየረው በሂደት ላይ ያለው ሥራ ጣሪያ ማግኘቱ ነው። ፑል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ዙሩ። ፓስታው ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፤ ማንም አላዘዘውም። ይህስ? ፑል ነው። ሠራተኛው መደርደሪያውን የሚሞላው ደንበኛ ያነሳውን ያህል ብቻ ነው፤ ቦታው ሲሞላ ያቆማል። እንግዲህ በትእዛዝ የሚሠራ ፑሽ አለ፤ ዕቃ ያከማቸ ፑልም አለ። የፈተና ወረቀታችሁ ላይ የምትጽፉት ትርጉም እንዲህ ይሁን፦ በፑሽ ሥራ የሚለቀቀው በመርሐ ግብር ነው፣ ቀጣዩ ክፍል ያለበትን ሁኔታ ሳያይ። በፑል ሥራ የሚለቀቀው ቀጣዩ ክፍል ሲወስድና ቦታ ሲለቅ ነው፤ በመካከል ለሚቀመጠው ሥራም የታወቀ ጣሪያ አለው።

መደርደሪያው ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ገባ

የሱፐርማርኬቱን ምሳሌ እኔ አላመጣሁትም። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ነው ያመጣው። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ የቶዮታ መኪና መሥራች ኪቺሮ ቶዮዳ «ልክ በሚያስፈልግበት ጊዜ» የሚለውን ሐሳብ፣ ማለትም ጀስት ኢን ታይምን፣ ለመኪና ፋብሪካው አስቦት ነበር። ሐሳቡ ግን እንዴት ይፈጸማል ለሚለው መልስ አልነበረውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶዮታ ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። በ1950 ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፣ ኪቺሮም ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ውስጥ የወሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ዕቃ በመጠበቅ ያልፉ ነበር፤ የተለያየው ዕቃ ተሟልቶ መኪናው የሚገጣጠመው ወሩ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ነበር። አንዱ ክፍል የማያስፈልገውን ሲያመርት፣ ሌላው የሚያስፈልገውን ያጣል።

ኦኖ ነገሩን ገለበጠው። ቀዳሚው ክፍል ያመረተውን ወደፊት መግፋቱን ይተው፣ ቀጣዩ ክፍል እንደ ደንበኛ መጥቶ የሚፈልገውን ብቻ ያንሳ፤ ቀዳሚው የተነሳውን ብቻ ይተካ አለ። ይህን በ1953 በዋናው ፋብሪካ የማሽን ክፍል ውስጥ ሞከረው። በ1956 አሜሪካ ሄዶ ሱፐርማርኬት በዓይኑ አየ። በካርድ የሚሠራው አሠራር መላ ቶዮታን የደረሰው ደግሞ በ1962 ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከዚያ 9 ዓመት አለፈ። ካንባንን «ካርድ ማተም» አድርገው ለሚያስቡ ተማሪዎች ይህን ቁጥር ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ካንባን የሚለው የጃፓን ቃል ራሱ ትርጉሙ ታፔላ ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደሚሰቀለው ያለ ምልክት። ሦስቱን ስሞች እዚህ ላይ ለይታችሁ ያዙ፤ ጥያቄ ሆነው ይመጣሉና። ጀስት ኢን ታይም ግቡ ነው፦ የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ በሚያስፈልገው ሰዓት ማግኘት። ፑል ግቡን የሚያስፈጽመው ሕግ ነው። ካንባን ሕጉን በእጅ የሚነካ የሚያደርገው መሣሪያ ነው፤ «ውሰድ» ወይም «ሥራ» የሚል ፈቃድ።

አንድ የጫማ ሥራ ቤት፣ ሁለት አሠራር

ተማሪዎቼን ይዤ የገባሁበት አንድ የጫማ ሥራ ቤት ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ደረጃው ሥር የተሰፋ የላይኛው ቆዳ የሞላባቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች እስከ ደረቴ ድረስ ተቆልለዋል። ከላይ ያለው ሣጥን አዲስ ነው፤ ከታች ያለው አቧራ ለብሷል። አንዷ ተማሪ ኃላፊውን «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው የተሰፋው?» ብላ ጠየቀችው። «ለሶል ክፍል ነው ልጄ። ሰፊዎቹ ፈጣን ናቸው፣ ከእነሱ ጋር መድረስ አልቻሉም» አላት። ይህችን መልስ ወደ ቁጥር እንቀይራት። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው።

ስፌት ክፍል በሰዓት 18 ጥንድ ይሰፋል። ሶል ክፍል በሰዓት 15 ጥንድ ይለጥፋል። የሥራ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ሳምንቱ 6 ቀን ነው። ሰፊዎቹ የሚከፈላቸው በፍሬ ስለሆነ አያርፉም፤ የሠሩትን ወደ ሶል ክፍል ይገፋሉ። በየሰዓቱ 3 ጥንድ ይተርፋል፣ በቀን 24፣ በሳምንት 144። ቅዳሜ ማታ ላይ የተሰፋ ቆዳ ከፊቱ 144 ጥንድ ሰልፍ አለበት፤ 144 ለ15 ሲካፈል 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ከአንድ የሥራ ቀን በላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉ 288 ይሆናል። ማቆሚያ የለውም። ይህ የሊትል ሕግ የሚባለው ስሌት ነው፦ የጥበቃ ጊዜ ማለት በሂደት ላይ ያለው ሥራ ለመውጫው ፍጥነት ሲካፈል ነው።

ፋብሪካው በቀን ስንት ጫማ ይሸጣል? 120 ጥንድ፣ ሶል ክፍል የለጠፈውን ያህል። ሰፊዎቹ በሰዓት 18 መስፋታቸው አንድ ተጨማሪ ጫማ አላወጣም። ቁልሉን ነው ያሳደገው።

አሁን እዚያው ቤት 8 ካርድ እናስገባ። እያንዳንዱ ሣጥን 10 ጥንድ ይይዛል፣ በእያንዳንዱ ሙሉ ሣጥን ላይ አንድ ካርድ ይንጠለጠላል። ካርዱ ላይ የዕቃው ስምና ቁጥር፣ ብዛቱ፣ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ተጽፏል። የሶል ክፍሉ ሠራተኛ ከአዲስ ሣጥን የመጀመሪያዋን ጥንድ ሲያነሳ ካርዱን አውልቆ ሰሌዳው ላይ ባለ ምስማር ላይ ይሰቅላል። ሰፊው ካርዱን ከሰሌዳ ያነሳል፣ 10 ጥንድ ሰፍቶ ሣጥን ይሞላል፣ ካርዱን መልሶ ያንጠለጥላል። ሰሌዳው ላይ ካርድ ከሌለ መርፌው አይነሳም።

ሰሌዳው ብዙ ይናገራል። ስምንቱም ምስማሮች ባዶ ከሆኑ ሣጥኖቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ ስፌት ማቆም አለበት። ስምንቱም ካርዶች ከተሰቀሉ ለሶል ክፍል ያልተነካ ሙሉ ሣጥን አልቀረም፤ ሊቆም ነው። ብዙ ቦታ የመጨረሻዎቹን ምስማሮች ቀይ ቀለም ይቀቧቸዋል፣ ካርድ እዚያ ሲደርስ ኃላፊው ሳይጠየቅ እንዲነሳ። ቁልሉ ግን ምንም አይናገርም፤ ከፍ ማለቱ ደህና ነው ወይስ ችግር ነው የሚለውን ማንም ሊያነበው አይችልም።

ስምንት ካርድ በ10 ጥንድ ሲባዛ 80 ነው። ከተከፈተው ሣጥን ቀሪ በቀር፣ ከዚያ በላይ የተሰፋ ቆዳ ቤቱ ውስጥ ሊኖር አይችልም። 80 ለ15 ሲካፈል 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፤ ረጅሙ ጥበቃ ይህን ያህል ነው። ሽያጩ አልቀነሰም፣ አሁንም 120 ጥንድ ነው።

ለእኔ ከጥበቃው ይልቅ የሚያስገርመው የጥራቱ ነገር ነው። የአንዱ ማሽን ክር ላልቷል እንበል። ስፌቱ በዓይን ደህና ይመስላል፤ የሚፈታው ሶል ክፍል ቆዳውን ቅርጽ ላይ ሲወጥረው ነው። በፑሽ፣ ሶል ክፍል ያን የተፈታ ስፌት በሚያይበት ሰዓት ከኋላው 144 ጥንድ ተጠርጣሪ ቆዳ ተቆልሏል፤ ክሩ መቼ እንደላላም የሚያስታውስ የለም። በፑል 80 ገደማ ብቻ ነው፣ ስህተቱም የዛሬ ነው፤ ሰፊው ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠ ይጠየቃል። የክምችት መቀነስ ዋናው ትርፍ የመጋዘን ኪራይ ብቻ ይመስላችሁ እንደሆነ፣ ይህን ጻፉ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ሰፊዎቹ በሰዓት 15 ብቻ ሲሰፉ በቀን 24 ጥንድ የመስፋት ጊዜ ይተርፋቸዋል፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። በፍሬ ለሚከፈለው ሰው ይህ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ክፍያውን ሳይነኩ ካርድ የሰቀሉ ቤቶች ውስጥ ሰፊዎቹ ያለ ካርድ ይሰፋሉ፣ ሣጥኑን ጠረጴዛ ሥር ይደብቃሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሥርዓቱ ጸንቶ እንዲቆይ ከተፈለገ ክፍያው ከቡድኑ ወይም ካለቀው ጫማ ጋር መያያዝ አለበት፣ በተረፈው ጊዜም አንዱ ሰፊ ወደ ሶል ክፍል ሄዶ ማገዝ አለበት። እውነተኛው ጠባብ በር እዚያ ነውና።

ቦታዎቹ ሲራራቁ አንድ ካርድ አይበቃም። ቶዮታ ሁለት ይጠቀማል፦ የመውሰጃ ካርድ ዕቃውን ከቀዳሚው ክፍል ለማንሳት ይፈቅዳል፣ የማምረቻ ካርድ የተነሳውን ለመተካት ይፈቅዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራ ቤት አንዱ ይበቃዋል።

8 ካርድ ከየት መጣ

ቀመሩ ይህ ነው፦

```
N = D × L × (1 + S) / C
```

N የካርድ ብዛት ነው። D ቀጣዩ ክፍል በአንድ የጊዜ መለኪያ የሚወስደው መጠን ነው፣ እዚህ በሰዓት 15። L ካርዱ ከተሰቀለ ጀምሮ ሙሉ ሣጥን ሆኖ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው። በእኛ ምሳሌ ካርዱ ሰሌዳ ላይ 1 ሰዓት ተኩል ይጠብቃል፣ ቆዳና ክር ለማዘጋጀት 1 ሰዓት፣ ለስፌት 1 ሰዓት፣ ለፍተሻና ለማድረስ ግማሽ ሰዓት፤ በድምሩ 4 ሰዓት። S ለክፉ ቀን የሚያዝ መጠባበቂያ ነው፣ 20 በመቶ። C ሣጥኑ የሚይዘው ነው፣ 10።

```
N = 15 × 4 × (1 + 0.20) / 10 = 7.2  →  8
```

ክፍልፋይ ካርድ የለም፤ ወደ ላይ አጠጋጉ። ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ግን ማጠጋጋቱ አይደለም፣ መለኪያው ነው። D በቀን 120 ተብሎ ሲሰጥ L በሰዓት 4 ሆኖ ይቀራል፤ ሳይቀይሩ ያባዙታል፣ 57.6 ይመጣል፣ 58 ብለው ይጽፋሉ። ስህተቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ 58 ካርድ 580 ጥንድ ነው፣ የአምስት ቀን ያህል ሥራ፤ ሣጥኑ ደግሞ በ4 ሰዓት ይመለሳል። መልሳችሁን በC አባዝታችሁ ለዕለቱ ፍላጎት አካፍሉት፤ ለጆሮ ካልጣመ መለኪያውን እዩ።

ቀመሩ ሌላም ነገር ያሳያል። L ከ4 ወደ 2 ሰዓት ቢወርድ 3.6 ይመጣል፣ 4 ካርድ ይበቃል። ካርድ ለመቀነስ በማሽኖች ላይ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ ከ4ቱ ሰዓት ውስጥ 1 ሰዓት ተኩሉ ካርዱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅበት ነው። መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። የጃፓኖቹ ኃላፊዎች አንድ ካርድ ሆን ብለው አውጥተው የሚያዩት ለዚህ ነው፦ ካርዱ ሲቀነስ የቱ ክፍል እንደተጨነቀ ይታያል፣ ችግሩ እዚያ አለ።

ካርዱ የማይሠራበት

ሶሉ ከውጭ ይመጣል እንበል፤ ከትእዛዝ እስከ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ እስከ ሥራ ቤቱ 60 የሥራ ቀን ይፈጃል። በቀን 120 ጥንድ፣ 60 ቀን፣ 20 በመቶ መጠባበቂያ፦ 8,640 ጥንድ ሶል፣ በ10 ሲካፈል 864 ካርድ። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ግን 864 ካርድ ያለው ቤት መጋዘን እንጂ ፑል አይባልም። የውጭ ምንዛሬ ሲዘገይ ደግሞ L ራሱ አይታወቅም። ሶሉን በትንበያና በእቅድ ማዘዝ ግድ ነው፣ ማለትም በፑሽ። ከመጋዘኑ ወደ ውስጥ ያለው ሥራ ግን በካርድ ሊሄድ ይችላል። ይህ መገናኛ የፑሽና የፑል ድንበር ይባላል፤ ፈተና ላይ «ድርጅቱ ፑሽ ነው ወይስ ፑል?» ሲባል ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» የሚል ነው።

ድንበሩን ለማስታወስ የቤታችንን ሽሮ አስቡ። አተሩ ተቆልቶ፣ ከነቅመሙ ተፈጭቶ፣ ለወራት የሚሆን ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚበላ በመገመት። ተጋቢኖው ግን ቤተሰቡ ሊበላ ሲቀመጥ ነው ምድጃ ላይ የሚወጣው። ዱቄቱ ፑሽ፣ ድስቱ ፑል። ድንበሩ የዱቄቱ ዕቃ ላይ ነው፦ ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ዕቃውም ቶሎ አይበላሽም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ቢቆይም ይበላሻል። የዳቦ ቤቱ ዳቦ ከዚህ ይለያል። ሌሊት በግምት ይጋገራል፣ ጠዋት ያልተሸጠው ማታ ይደርቃል፤ ፑሽ ነው። ከምድጃው ጎን ባለው መደርደሪያ ላይ ሁለት ትሪ ጎደለ ሲባል ብቻ ሁለት ትሪ የሚያስገባው ዳቦ ቤት ፑል ነው።

የመድኃኒት ሥርጭትም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ማዕከሉ በኮታ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ እኩል ካርቶን ቢልክ ፑሽ ይሆናል፤ ወባ የሌለበት ደጋ የወባ መድኃኒት ይደርሰዋል። ጤና ጣቢያው የተጠቀመውንና የቀረውን በየሁለት ወሩ በቅጽ ሪፖርት አድርጎ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ሲጠይቅ ፑል ነው። እዚህም ጣሪያውን አትርሱ፤ ያለ ጣሪያ የሚጠይቅ ቅጽ የልብስ ሰፊውን ቤት ይሆናል።

የክምችት ማነስ አደጋውንም ማወቅ ያስፈልጋል፣ «የጀስት ኢን ታይም ድክመት» የሚል ጥያቄ አይቀርምና። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997፣ ካሪያ ከተማ ያለው የአይሲን ሴይኪ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ። ፋብሪካው የቶዮታ መኪና ፍሬን ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቫልቭ ይሠራ ነበር፤ ቶዮታ የሚጠቀመውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም። ቶዮታ እጅ ላይ የነበረው በጣም ጥቂት ነበር፤ በጃፓን ያሉ የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆሙ። በአጠቃላይ ከ200 የሚበልጡ ኩባንያዎች ተረባርበው ቫልቩን በየቦታው እየሠሩ በሳምንት ገደማ ወደ ሥራ መለሱት። ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ቶዮታ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ ቺፕ እንዲይዙ ጠየቀ። ይህ ሥርዓቱን መካድ አይደለም። L ረጅም የሆነበትን፣ በሌላ ቦታ ቶሎ ሊተካ የማይችለውን ዕቃ ለይቶ ድንበሩን ማንቀሳቀስ ነው።

ከዚህ ውጪ ካንባን የሚሰበርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ፍላጎቱ በጣም ሲዋዥቅ ነው፤ ሰኞ 40 ማክሰኞ 300 ከሆነ 8 ካርድ ሰኞ ይበዛል፣ ማክሰኞ ያንሳል። ስለዚህ ቶዮታ ካርዱን ከመስቀሉ በፊት የቀኑን ምርት በዓይነትና በብዛት ያስተካክላል። ሁለተኛው ዕቃው ዳግመኛ የማይሠራ ሲሆን ነው። ለአንድ ደንበኛ እግር ብቻ የሚሠራ ጫማ ካርድ ሊኖረው አይችልም፤ ካርድ «ያንኑ ድገም» የሚል ፈቃድ ነውና። ለእንዲህ ዓይነቱ የልብስ ሰፊው መስቀያ ይሻላል፦ ዓይነቱን ሳይሆን ብዛቱን ብቻ ይገድባል።

አንድ ጥያቄ እንሥራ

«ቀጣዩ ክፍል በሰዓት 30 ዕቃ ይወስዳል። ሣጥኑ 12 ይይዛል፣ የመመለሻ ጊዜው 2 ሰዓት፣ መጠባበቂያው 10 በመቶ ነው። ሀ) ስንት ካርድ ያስፈልጋል? ለ) ከፍተኛው ክምችት ስንት ነው፣ የስንት ጊዜ ሥራስ ነው? ሐ) የመመለሻ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ቢወርድ ኃላፊው ምን ያድርግ?»

```
30 × 2   × 1.10 / 12 = 5.5    →  6
30 × 1.5 × 1.10 / 12 = 4.125  →  5
```

ለ«ሀ» 6 ካርድ። ለ«ለ» 6 በ12 ሲባዛ 72 ዕቃ ነው፤ ለ30 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። «ሐ» ላይ ብዙ ተማሪ «5 ካርድ» ብሎ ይቆማል። ጥያቄው ግን ኃላፊው ምን ያድርግ ነው። አንድ ካርድ ከሰሌዳው ያነሳል፣ የተነሳውም ካርድ ኃላፊው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም፤ ከፍተኛው ክምችት ከ72 ወደ 60 የሚወርደው ያኔ ነው። ካርዱ ሰሌዳ ላይ ከቀረ ቀዳሚው ክፍል 72ቱን መሥራቱን ይቀጥላል፣ ጊዜው ማጠሩም የትም አይታይም።